ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚንና የድሮ ቮልስ፦ የትኛው ጎማ ይቀየር፣ የትኛው ይተው?

የድሮ ቮልስ ያላቸው ሰዎች ስለ ኢታኖል ሲነሳ ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንዱ «ሞተሬን ይበላዋል» ብሎ ይሸበራል። ሌላው «የድሮ ጀርመን ዕቃ ምን ይሆናል» ብሎ ይተዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ፒስተኑ፣ ቫልቮላው፣ ሲሊንደሩ ከ10 በመቶ ኢታኖል የሚደርስባቸው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚጎዳው ቤንዚኑ ከታንከር ተነስቶ ሞተሩ ውስጥ እስኪገባ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ ማለትም የጎማ ቱቦዎቹ፣ የፓምፑ ሽፋን፣ የካርቡሬተሩ ትንንሽ ጎማዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓመታት ዝገትና ውሃ ያጠራቀመው ታንከር።

እዚህ አገር ነገሩ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፣ በ2011 ደግሞ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኢታኖሉ የመጣው ከስኳር ፋብሪካዎች ነው፤ ፊንጫና መተሐራ ከስኳር የተረፈውን ሞላሰስ እያብላሉና እያጣሩ ያመርቱታል። አቅርቦቱ ሲያንስ ቅይጡ ይቋረጣል። ለድሮ ጎማ ደግሞ ይህ መዋዠቅ ራሱ ክፉ ነው። ጎማው ኢታኖል ሲያገኝ ያብጣል፣ ተመልሶ ንጹህ ቤንዚን ሲያገኝ ይኮማተራል፣ ደጋግሞ እንዲህ ሲሆን ጫፉ ላይ ይላላና ማንጠባጠብ ይጀምራል።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድሜ ላንሳ፣ ሰው ስለሚያምታታው። «የድሮ መኪና ቫልቮላ ይቃጠላል» የሚባለው ወሬ የሊድ ጉዳይ እንጂ የኢታኖል አይደለም። ሊድ ከቤንዚን ሲወጣ አንዳንድ የድሮ ሞተሮች የቫልቮላ መቀመጫቸው ተበልቷል። የቮልስ ጭንቅላት ግን አሉሚኒየም ሆኖ የብረት መቀመጫ የተገጠመለት ስለሆነ በዚያም ብዙ አይጎዳም። ስለዚህ ጭንቅላት ለማስፈታት ገንዘብ አታውጡ። ገንዘባችሁን ለቱቦ አስቀምጡት።

በመጀመሪያ ቤንዚናችሁ ውስጥ ኢታኖል መኖሩን እዩ

ማደያው ላይ ያለውን ልጅ ብትጠይቁት «እኔ ምን አውቃለሁ» ነው የሚላችሁ፣ ልክም ነው፣ አያውቅም። ራሳችሁ ፈትሹት። የሚያስፈልገው ጎኑ ቀጥ ያለ ረዘም ያለ የመስታወት ጠርሙስ ከነክዳኑ፣ መርፌው የወጣለት ሲሪንጅና ውሃ ነው። ፕላስቲክ ጠርሙስ ይቅርባችሁ።

በሲሪንጁ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ ለክታችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሩ። ውሃው የደረሰበትን ቦታ በእስክሪብቶ ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። የምግብ ቀለም ካላችሁ አንድ ጠብታ ጣል አድርጉ፣ ኋላ ለማየት ይመቻል። ቀጥሎ 80 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጨምሩበት። ሲሪንጁን ለውሃው ብቻ ተጠቀሙ፤ የሲሪንጅ ጎማ ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይነክሳል። ለቤንዚኑ ቀላሉ መንገድ ቀድማችሁ በውሃ 100 ሚሊ ለክታችሁ ጠርሙሱ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ደፍታችሁ ማድረቅ ነው። ቤንዚኑን እዚያ ምልክት ድረስ ሙሉት።

ክዳኑን ዘግታችሁ አንድ ደቂቃ ያህል አወዛውዙት። በየመሀሉ ክዳኑን ላላ እያደረጋችሁ አስተንፍሱት፣ ግፊት ያጠራቅማል። ከዚያ አስር ደቂቃ አስቀምጡት።

ኢታኖል ከቤንዚን ይልቅ ውሃን ይወዳል። ካለ ቤንዚኑን ትቶ ወደ ታች ይወርድና ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ የታችኛው ንብርብር ከመጀመሪያው ምልክት በላይ ያድጋል። ምንም ካልተነቃነቀ ቤንዚናችሁ ንጹህ ነው። ከ20 ወደ 24 አካባቢ ከደረሰ 5 በመቶ ገደማ ኢታኖል አለው። ወደ 28 ከተጠጋ 10 በመቶ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት አይደለም፤ ግን ለቮልስ ባለቤት ይበቃል። ይህ ፈተና ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ቤንዚን አያጋልጥም፣ ነጭ ጋዝ ከውሃ ጋር አይስማማምና። «ተፈትኖ አልፏል» ብላችሁ ለሁሉም ነገር አትመኑት።

ቱቦዎቹን በእጃችሁ ፈትሹ

ከመጀመራችሁ በፊት መኪናውን ሜዳ ላይ አውጡት። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ነው፣ ኔጋቲቩን አውልቁት። የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። ይህን እንደ ወግ አይደለም የምጽፈው፤ ቮልስ በቤንዚን ቱቦ ምክንያት የሚቃጠል መኪና ነው። ፓምፑና ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ለጎን ናቸው። ቤንዚን ያንጠባጠበበት ቦታና ብልጭታ ያለበት ቦታ ስንዝር አይራራቁም።

የድሮ ቮልስ የቤንዚን ቱቦ ውጪው በጨርቅ የተጠለፈ ጥቁር ጎማ ነው። ጨርቁ ነው የሚያታልለው። ከላይ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ተሰነጣጥቋል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትፍረዱ። ቱቦውን ጫፉ ጋ በሁለት ጣት ያዙና እጠፉት። ጤነኛ ጎማ ይታጠፍና ይመለሳል። የደረቀው እንደ ፕላስቲክ ይከራከራል፣ አንዳንዴም ሲጥጥ ሲል ይሰማችኋል። በተቃራኒው ኢታኖል ያለሰለሰው ደግሞ ሊጥ ይመስላል፤ ስትጨብጡት ይጎደጉዳል፣ ጣታችሁም ጥቁር ይሆናል። እንዲህ ያለ ጥቁር ቅባት ካያችሁ ጎማው እየሟሟ ነውና ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

የት የት እንዳለ ልንገራችሁ፣ አንዱን ረስቶ ሌላውን መቀየር የተለመደ ነው። አንደኛው ከፊት፣ ታንከሩ ስር፣ ታንከሩን ከወለሉ የብረት ቱቦ ጋር የሚያገናኘው ነው። ሁለተኛው ከኋላ፣ ማርሽ ሳጥኑ አጠገብ፣ የብረቱን ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ነው። ይህን ማንም አያየውም፣ መኪናው መነሳት አለበት። ሦስተኛው ሞተሩ ክፍል ውስጥ ወደ ፓምፑ የሚገባው፣ አራተኛው ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ የሚወጣው ነው። ታንከሩ ላይ ደግሞ የአየር መተንፈሻ ቀጭን ቱቦዎች አሉ፤ በኋለኞቹ ሞዴሎች የመሙያው አንገት ራሱ በወፍራም ጎማ ነው የተያያዘው። መኪናው ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነና ታች ምንም እርጥበት ካላያችሁ እነዚህን ነው የምትጠረጥሩት። የነዳጅ መለኪያው ታንከሩ ላይ የተቀመጠበት ጋስኬትም እንዲሁ፤ ቡሽ ከሆነ ይጨማደዳል።

አንድ ተጨማሪ፦ የብረቱ ቱቦ ሞተሩን በከበበው ቆርቆሮ ውስጥ ሲያልፍ ትንሽ የጎማ ቀለበት አለችው። ከጠፋች ብረት በብረት ይፋጫል። ይህ የኢታኖል ጥፋት አይደለም፣ ግን እዚያው ስላላችሁ እዩት።

ምን ዓይነት ቱቦ ልግዛ?

መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ «የቤንዚን ቱቦ» ስትሉ የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ተራ ጥቁር ጎማ ነው። የአየርም የውሃም የቤንዚንም ሆኖ ይሸጣል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኦሪጅናል ነው።»

«ላዩ ላይ ምን ተጽፏል ወንድሜ? እስቲ አዙረው።»

ንግግሩ እንዲህ መሄድ አለበት። ጥሩ የቤንዚን ቱቦ ጎኑ ላይ ጽሑፍ አለው። የምትፈልጉት ኤስኤኢ ጄ30 የሚለውንና ከእሱ ቀጥሎ አር9 የሚለውን ምልክት ነው፤ ቱቦው ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚታተመው። አር9 የውስጡ ሽፋን ፍሎሮካርቦን ጎማ ነው፣ ገበያው ላይ ቫይተን በሚል ስም ይታወቃል። ኢታኖል እሱን አይነካውም ማለት ይቻላል። አር6 ወይም አር7 የሚል ካገኛችሁ ከምንም ይሻላል፤ 10 በመቶ ለተቀላቀለበት ቤንዚንም ያገለግላል፣ ግን በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ትቀይሩታላችሁ። ምንም ጽሑፍ የሌለው ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትግጠሙት።

አር9 እዚህ ካልተገኘ አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው አንድ ሜትር ተኩል በሻንጣ ቢያስመጣ ለሙሉ መኪና ይበቃዋል። እዚያ የሚሸጠው ቤንዚን ከሞላ ጎደል ሁሉም እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ስላለው ቱቦው በየመለዋወጫ ሱቁ አለ። ስፋቱን አደራ። የቮልስ ቱቦ የውስጥ ስፋት በአብዛኛው 5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የድሮውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም የብረቱን ጫፍ ለኩ። ሰፋ ያለ ቱቦ ገዝቶ በፋሼታ ማነቅ ማለት ነገ ለሚያንጠባጥብ ነገር ዛሬ መክፈል ነው።

ስትቀይሩ ከኋላው ቱቦ እንዳትጀምሩ። ታንከሩ ከፊት ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ የኋላውን ስታወልቁ ቤንዚኑ ራሱ ፈልቅቆ ይመጣል። ፊት ያለውን መጀመሪያ አውልቁ፣ ታንከሩን በንጹህ ቡሎን ወይም በጎማ ውታፍ ድፈኑት፣ መስመሩ ውስጥ የቀረውን በጄሪካን ተቀበሉት። አዲሱ ቱቦ ብረቱ ላይ ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ሜትር መግባት አለበት። ፋሼታው ጠርዙ ለስላሳ የሆነውን ትንሹን ዓይነት ይሁን፤ ጥርሱ የተፈለፈለው ትልቁ ፋሼታ ቀጭን ቱቦን ይቆርጣል። እስኪጨብጥ ብቻ አጥብቁት። ጎማው በፋሼታው ግራና ቀኝ አብጦ ከወጣ አብዝታችኋል።

ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባትን ትንሽ የነሐስ ቱቦ ደግሞ አደራ። ተገፍታ ብቻ ነው የገባችው፣ ብሎን የላትም። ቱቦውን ስታወልቁ በጣታችሁ ያዟትና ዞር ዞር ለማድረግ ሞክሩ። ከዞረች፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ወጥታ ቤንዚኑን ሞተር ላይ ትረጨዋለች። ቱቦውን ስለቀየራችሁ ብቻ ይህ አይቀረፍም፤ ነሐሷን ማስጠበቅ ወይም መቀየር አለባችሁ። የፓምፑንም መግቢያና መውጫ እንዲሁ ሞክሩ።

እግረ መንገዴን፣ ያንን የፕላስቲክ ፊልትሮ ከፓምፑና ከካርቡሬተሩ መሀል አውልቁት። አብዛኞቹ ጋራዦች እዚያ ነው የሚሰኩት፣ ለዓይን ስለሚመች። ሙቀት ያደርቀዋል፣ ክብደቱም ያቺን ነሐስ ይጎትታታል። ቦታው ከፓምፑ በፊት፣ ታች ማርሽ ሳጥኑ አካባቢ ነው።

ፓምፑን የሞተር ዘይት ይነግራችኋል

የቮልስ ፓምፕ ውስጥ ስስ የጎማ ሽፋን አለ። ሞተሩ ወደ ላይና ወደ ታች እያራገበው ነው ቤንዚን የሚስበው። ያ ሽፋን የድሮ ከሆነ ኢታኖል ያሰነጥቀዋል። ሲሰነጠቅ ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ወደ ውጭ ያንጠባጥባል፣ ይህ ደግነቱ ይታያል። ወይ ደግሞ ቤንዚኑ በፓምፑ ዘንግ በኩል ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል፣ ይህ አይታይም።

የዘይት መለኪያውን አውጡና አሽትቱት። ቤንዚን ከሸተተ፣ ደረጃውም እናንተ ሳትጨምሩ ከፍ ካለ፣ ሞተሩን አታስነሱ። የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል። ነገር ግን ፓምፑ ላይ ከመፍረድ በፊት የካርቡሬተሩን የቤንዚን መዝጊያ መርፌም ጠርጥሩ፤ እሷም ካልዘጋች ቤንዚኑ በሲሊንደሮቹ በኩል ወደ ታች ይፈሳል። ለመለየት ከፓምፑ የሚወጣውን ቱቦ ካርቡሬተሩ ጋ አውልቁና ጫፉን ድፈኑት፣ ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ዘይቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ ጥፋተኛው ፓምፑ ነው።

ቀደም ያሉት ፓምፖች በብሎን የተዘጉ ናቸው፣ ይፈታሉ፣ የጥገና ዕቃ አላቸው። በኋላ የመጡት የታሸጉ ስለሆኑ ሙሉ ነው የሚቀየሩት። በየትኛውም መንገድ ሽፋኑ ለኢታኖል የሚሆን መሆኑን ጠይቁ፤ ሃያ ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ «ኦሪጅናል» ከሚባለው አዲስ የተሠራው ይሻላል። በዚህ እኔ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም፣ ግን ጎማ መደርደሪያ ላይም ያረጃል።

ካርቡሬተሩ

ሶሌክስ ካርቡሬተር ላይ ለኢታኖል የሚያሳስቡ ሁለት ቦታዎች ብቻ ናቸው።

አንደኛው ፔዳል ስትረግጡ ተጨማሪ ቤንዚን የምትተፋው ትንሽ ፓምፕ ናት፤ ጎን ላይ አራት ብሎን ያላት። ውስጧ የጎማ ሽፋን አላት። ሽፋኑ ከደረቀ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ያመነታል፣ ሽምጥ ይልና ይወድቃል። ሙከራው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ የአየር ፊልትሮውን አንሱ፣ ባትሪ ድንጋይ መብራት ይዛችሁ አንገቱ ውስጥ እያያችሁ የጋዙን ክንድ በእጅ ሳቡ። ቀጭን፣ ያልተቆራረጠ የቤንዚን ክር መተኮስ አለበት። ካንጠባጠበ ወይም ዘግይቶ ከመጣ ሽፋኑን ቀይሩ። የክዳኑ ዙሪያ እርጥብ ከሆነም እንዲሁ።

ሁለተኛው ቤንዚኑን የምትዘጋው መርፌ ናት። የመጀመሪያዎቹ ሙሉ ብረት ናቸው፣ ኢታኖል አይነካቸውም። አንዳንድ ርካሽ ቅያሪ መርፌዎች ግን ጫፋቸው ጎማ ነው፤ ያብጥና ይጣበቃል። ያን ጊዜ ወይ ቤንዚን አይገባም፣ ወይ ገብቶ አይቆምም።

ክዳኑን ስትከፍቱ ሳህኑ ውስጥ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ደግሞ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። የካርቡሬተሩ አካል ከዚንክ የተሠራ ስለሆነ ውሃና ኢታኖል አብረው ሲቆዩበት እንዲህ ያለ ዝገት ያወጣል። አጽዱት። ግን ዋናው ችግር እዚያ አይደለም፣ ታንከሩ ውስጥ ነው።

ታንከሩና ውሃው

ንጹህ ቤንዚን ውሃን አይቀበልም። ታንከሩ ታች ትንሽ ውሃ ካለ እዚያው ይቀመጣል፣ አንዳንዴ ለዓመታት። ኢታኖል ያለው ቤንዚን ግን ውሃውን ይጠጣዋል። እስከ ልኩ ድረስ ጥሩ ነው፣ አብሮ ተቃጥሎ ይወጣል። ልኩ ሲያልፍ ግን ይፈርሳል፤ ኢታኖሉ ከውሃው ጋር ሆኖ ከቤንዚኑ ይለይና ወደ ታች ይወርዳል። የቮልስ መምጠጫ ደግሞ ታች ነው።

ልኩ ስንት ነው? 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን በመጠነኛ ሙቀት ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ ይሸከማል። ሲቀዘቅዝ ያንስበታል፣ የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። 15 ሊትር ካለ 75 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ አንድ የቡና ሲኒ ማለት ይቻላል።

አንድ ጎረቤቴ ክረምቱን ሙሉ ያቆመው ቮልስ ነበረው፣ ታንከሩ ውስጥ 15 ሊትር ገደማ ቅይጥ ቤንዚን ይዞ። የፊት ኮፈኑ ዙሪያ ያለው ጎማ ተቆራርጦ ስለነበር ዝናብ ገብቶ መሙያው ላይ ሲጠራቀም ከርሟል። መስከረም ላይ አስነሳው። መስመሩ ውስጥ በነበረው ጥሩ ቤንዚን ሰፈሩን ዞረና ጠፋ። መካኒኩ ኮይል ቀየረለት። አልተነሳም። ካንዴላም ቀየረለት።

ታንከሩ ስር ያለውን ቱቦ አውልቀን መስታወት ጠርሙስ ውስጥ ቀዳን። የመጀመሪያው ጠርሙስ ጥርት ያለ ነበር፣ መሀሉ ላይ ምንም መስመር የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «ውሃ የለም» ይላል። መስመር ያልታየው ጠርሙሱ ሙሉ በሙሉ የታችኛው ንብርብር ስለነበር ነው። ሽታው ቤንዚን ብቻ አልነበረም፣ አረቄ አረቄ ይላል። ትንሽ ቀንሰን ውሃ ውስጥ ስንጨምረው ተቀላቅሎ ጠፋ። ቤንዚን ቢሆን ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ከሦስተኛው ጠርሙስ ላይ ነው መለያው መስመር የታየው። የገባው ውሃ ከዚያ በጣም ያንስ ነበር፤ ኢታኖሉን አብሮ ስላወረደ ነው የበዛው።

እንዲህ ያለ ቤንዚን አይድንም። ላዩ ላይ አዲስ ቤንዚን ጨምሮ መናጥም አይሆንም። ላይ የቀረውም ኢታኖሉ ስለወጣለት ጥራቱ ወርዷል። ሁሉንም ቅዱ፣ ቦይና ሜዳ ላይ ግን አትድፉት፤ ክዳን ባለው ጄሪካን አድርጋችሁ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት። ታንከሩን አጥባችሁ በደንብ አድርቁት።

የጎረቤቴ ታሪክ በዚህ አላበቃም። አዲስ ቤንዚን ገብቶ መኪናው ሦስት ቀን ሄደና እንደገና ማነቅ ጀመረ። አሁን ችግሩ ውሃ አልነበረም፣ ፊልትሮው ቡናማ ሆኖ ተደፍኗል። ኢታኖል ታንከሩ ግድግዳ ላይ የተጋገረውን የድሮ ሙጫና ዝገት ያላቅቃል፤ የተላቀቀው ሁሉ ፊልትሮ ላይ ይመጣል። በመጀመሪያው ሙሉ ታንከር ውስጥ ይህ የሚጠበቅ ነው። ርካሽ ፊልትሮ ሁለት ግዙ፣ አንዱን መኪናው ውስጥ ከካቻቢቴ ጋር አኑሩት። ሁለተኛው ፊልትሮም ቶሎ ከተደፈነ ግን ታንከሩ ራሱ ተበልቷል፤ ማስወረድና ውስጡን ማስፈተሽ ነው።

አየርና ቤንዚኑን ማስተካከል

ኢታኖል በውስጡ ኦክስጂን አለው። ስለዚህ ካርቡሬተሩ እንደ ድሮው ሲለካ ሞተሩ ትንሽ ቤንዚን የጎደለበት ይሆናል፤ በ10 በመቶ ቅይጥ ልዩነቱ ወደ 4 በመቶ ነው። የቤንዚን ፍጆታም 3 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ይህ ሌባ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ የማይነገር ነገር አለ። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ለባህር ወለል የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቁር ካንዴላ የለመድነው ለዚህ ነው። ኢታኖሉ የሚያጎድለው ከዚህ ትርፍ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ቮልሶች አዲስ አበባ ላይ በቅይጡ የባሰ ሳይሆን እንዲያውም የተሻለ ይሠራሉ። ችግሩ የሚመጣው መካኒክ ለአዲስ አበባ ብሎ የቤንዚኑን ቀዳዳ ባሳነሰላቸው መኪናዎች ላይ ነው። ያንን መኪና ይዛችሁ ወደ አዳማ ወይም አዋሽ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ይጎድላል፣ ሙቀቱም ይጨመርበታል።

ምልክቱ ይህ ነው፦ ጋዝ ስትለቁ ማርሚታው ውስጥ ፖፍ ፖፍ ይላል፣ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ካንዴላው ነጭ ይሆናል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የሚኒሞውን የቅይጥ ብሎን ቀስ ብላችሁ አጥብቡ፣ ሞተሩ መውደቅ ሲጀምር አቁሙ። ከዚያ በሩብ ዙር በሩብ ዙር እየከፈታችሁ ሞተሩ ከሁሉ ፈጥኖና ጸጥ ብሎ የሚዞርበትን ቦታ ፈልጉ። በቃ። ይህ የሚያክመው ሚኒሞውን ብቻ ነው። በሩጫ ላይ የሚታየውን ጉድለት የሚያስተካክለው ዋናው የነሐስ ቀዳዳ ነው፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ግጠሙ።

ሙቀት አገር ላይ ቆም ብላችሁ ስትነሱ እምቢ ካለ ደግሞ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ፈልቶ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ኢታኖል የተጨመረበት ቤንዚን ከንጹሁ በቀለለ ይተናል። ኮፈኑን ከፍታችሁ አስተንፍሱት፣ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ፤ ካርቡሬተር አትፍቱ። ሞተሩን የከበቡት ቆርቆሮዎችና ጎማዎች ሁሉም መኖራቸውን ግን እዩ፣ አንዱ ሲጎድል ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል።

ቮልስ ያልሆነ ነገር ለያዛችሁ ሰዎች፦ ላዳ፣ የድሮ ፊያት፣ ፔጆ 404 እና 504፣ ካርቡሬተር ያለው ላንድክሩዘር ሁሉ በዚሁ መንገድ ነው የሚፈተሹት። ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ያላቸው የኋለኞቹ ቶዮታዎች በአብዛኛው 10 በመቶውን ይችሉታል፤ የነዳጅ ክዳኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከሁሉ የባሰው የሚጎዳው ግን መኪና አይደለም፣ ቤት ጥግ የተቀመጠችው ትንሽ ጄኔሬተር ናት። መብራት እስኪጠፋ ወራት ቤንዚን ይዛ ትቀመጣለች፣ ካርቡሬተሯም ጠባብ ነው። ስትጠቀሙ ቆይታችሁ ልታስቀምጧት ስትሉ የቤንዚን ቁልፉን ዝጉና ራሷ እስክትጠፋ አሠሯት።

ቮልሱንም ለክረምት ልታቆሙት ከሆነ ሁለት ምርጫ ነው ያለው። ወይ ታንከሩን አፉ ድረስ ሙሉት፣ አየር ሲያንስ እርጥበትም ያንሳል። ወይ ሙሉ በሙሉ ቅዱት። ግማሽ ታንከር አድርጎ ማቆም ግን አይሆንም። የኮፈኑን ጎማና የመሙያውን ክዳን ጎማ ከሐምሌ በፊት ቀይሩ።